«ሁለት ሻጭ ማለት አንድ ሻጭ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ሁለት ሻጮች ብቻ ያሉበት ገበያ ስሙ ውድድር ይባል እንጂ የአንድ ሻጭ ገበያ ነው፤ ሁለቱ ተያይተው ዋጋ ይሰቅላሉ። በርትራንድ የተባለው ፈረንሳዊ ሁለት ተፎካካሪዎች ዋጋን እስከ ወጪ ያወርዱታል ያለው የወረቀት ጨዋታ ነው፤ እንዲህ ያለ ገበያ የትም ታይቶ አያውቅም፤ ትርፉን በገዛ እጁ የሚያጠፋ ነጋዴም የለም። የዕቃ ልዩነት የሚሉትም ማሸጊያና ማስታወቂያ ነው። ሁለት ድርጅቶች ከወጪያቸው በላይ ሲሸጡ ካያችሁ መመሳጠራቸውን እወቁ፤ ቴሌኮማችንን ተመልከቱ።»

ባለፉት ሳምንታት ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተው ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይህ ነው። የጸሐፊውን ቁጭት እጋራለሁ፤ የዋጋ ነገር የየዕለት ጭንቀት በሆነበት አገር እንዲህ ያለ ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። የማልስማማው በመለኪያው ነው። ጸሐፊው ሻጮችን ይቆጥራሉ፤ እኔ ግን መቆጠር ያለበት ገዢው ነው እላለሁ። አንዱ ሻጭ ዋጋውን በአንድ ብር ቢያንቀሳቅስ ስንት ገዢ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ይሻገራል? ሦስቱም ነጥቦች የሚፈቱት በዚህ ጥያቄ ነውና በየተራ እመለከታቸዋለሁ።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልነሣ። ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ሱቆች አሉ እንበል፤ ሁለቱም ከአንድ አከፋፋይ ያመጡትን አንድ ዓይነት ስኳር ይሸጣሉ። አንዱ ኪሎ ለእያንዳንዳቸው 60 ብር ይፈጅባቸዋል፤ በቀን 100 ገዢዎች አንዳንድ ኪሎ ይወስዳሉ፤ ገዢው ቢቸግረው እስከ 150 ብር ድረስ ይከፍላል። ሁለቱም 150 ብለው ቢሸጡ ገዢው እኩል ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ሱቅ ለ50 ሰው ሸጦ 4,500 ብር ያተርፋል። አሁን አንደኛው 149 ቢልስ? እናት ልጇን «ሁለቱንም ጠይቀህ ከሚቀንሰው ግዛ» ብላ ስትልከው ልጁ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ለመድረስ አምስት እርምጃ ይበቃዋል፤ ስኳሩም ያው ስኳር ነው። ስለዚህ መቶውም ገዢ ወደ 149 ይሄዳል፤ የቀነሰው ሱቅ 8,900 ብር ሲያተርፍ ጎረቤቱ ባዶ እጁን ይውላል። ጎረቤቱ በበኩሉ 148 ማለቱ አይቀርም። ዋጋው 80 ሲደርስም ነገሩ አይለወጥም፤ ሁለቱም በ80 ቢሸጡ ለየራሳቸው 1,000 ብር ያገኛሉ፤ ወደ 79 የሚወርደው ግን 1,900 ያገኛል።

«ትርፉን በገዛ እጁ የሚያጠፋ ነጋዴ የለም» ለተባለው መልሱ እዚሁ ላይ ነው። በዚህ ቁልቁለት ላይ ማንም ትርፉን ሊያጠፋ አላሰበም፤ እያንዳንዷ ቅናሽ ለቀናሹ የምታዋጣ እርምጃ ናት። ትርፉን ያጠፋው የእርምጃዎቹ ድምር ነው። የኢኮኖሚ ሰዎች ኅዳግ ወጪ የሚሉት፣ አንዲት ተጨማሪ ኪሎ ለማቅረብ የሚጠይቀው ወጪ፣ እዚህ 60 ብር ነው፤ ዋጋው የሚያቆመው በዚያ አካባቢ ነው። «በዚያ አካባቢ» ያልሁት ሆን ብዬ ነው። ዋጋ የሚቀነሰው በሙሉ ብር ብቻ ከሆነ ሁለቱ በ62 ላይ ሊቆሙ ይችላሉ፤ በ62 እያንዳንዱ 100 ብር ያተርፋል፤ ለብቻው ወደ 61 ቢወርድም የሚያገኘው ያንኑ 100 ብር ስለሆነ መቀነሱ ምንም አይጨምርለትም። በንድፈ ሐሳቡና በሱቁ መካከል ይህን ያህል ክፍተት መኖሩን አልክድም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጣቸው አንድ ትልቅ ነጥብ አለ። የሁለቱ ሱቆች ፉክክር የአንድ ቀን አይደለም፤ ነገም ከነገ ወዲያም ይተያያሉ። አንዱ ዛሬ ቀንሶ 8,900 ቢወስድና ጎረቤቱ ከነገ ጀምሮ ወደ 60 ቢወርድበት፣ በየቀኑ ይገባለት የነበረው 4,500 ለዘለቄታው ይቀርበታል። የነገን ገንዘብ ከዛሬው ገንዘብ ግማሽ ያህል እንኳ የሚገምት ነጋዴ በዚህ ስሌት ባይቀንስ ይሻለዋል። አሥር ሱቆች ቢሆኑ ኖሮ ግን ለእያንዳንዱ በቀን የሚደርሰው 900 ብር ብቻ ይሆን ነበር፤ 8,900ን ትቶ 900ን በትዕግሥት ለመጠበቅ የነገን ገንዘብ ከዛሬው ጋር እኩል በሚባል ደረጃ ማየት ይጠይቃል። ስለዚህ የሻጮች ማነስ መመሳጠርን ያቀላል የሚለው ስጋት ትክክል ነው። ሆኖም መቻል ሌላ፣ መሆን ሌላ ነው። ይህ ዓይነቱ መተሳሰብ የሚቆየው አንዱ ሲቀንስ ሌላው ወዲያው የሚያይ ከሆነ ነው። «ለአንተ ብቻ ነው፣ ለማንም እንዳትናገር» ተብሎ በጓዳ ቅናሽ የሚሰጥበት ገበያ ላይ ቃል ኪዳኑ ሳይውል ሳያድር ይፈርሳል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። የሐሳቡን ታሪክ ጸሐፊው በጥቂቱ አዛብተውታል። በ1838 እ.ኤ.አ. ኩርኖ የተባለው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሰው የማዕድን ውኃ ምንጭ ያላቸውን ሁለት ባለቤቶች ምሳሌ አድርጎ፣ እያንዳንዱ የሚሸጠውን መጠን ቢወስን ዋጋው ከወጪ በላይ እንደሚቆይ አሳየ። ጆሴፍ በርትራንድ በ1883 እ.ኤ.አ. የኩርኖን መጽሐፍ ሲገመግም ያነሣው ተቃውሞ ቀላል ነበር፤ ሻጮቹ የሚወስኑት ዋጋን ከሆነ አንዱ በጥቂቱ ቀንሶ ገዢውን ሁሉ ከመውሰድ ምን ይከለክለዋል የሚል ነው። የበርትራንድ ቃል «ሁለት ሻጭ ባለበት ሁሉ ዋጋ ይወርዳል» የሚል አዋጅ አልነበረም። «እንዲህና እንዲህ ከሆነ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ያዘለ ክርክር ነው፤ ቅድመ ሁኔታዎቹም ዕቃው አንድ ዓይነት መሆኑ፣ ገዢው ሁለቱንም ዋጋ ማወቁ፣ እያንዳንዱ ሻጭ የመጣውን ገዢ ሁሉ ማስተናገድ መቻሉ ናቸው።

«የትም ታይቶ አያውቅም» ለሚለው ደግሞ አንድ ታሪክ ይበቃል። በ1986 እ.ኤ.አ. ናይኔክስ የተባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ የኒው ዮርክን አካባቢ የስልክ ማውጫ በሲዲ አውጥቶ አንዱን ሲዲ በ10,000 ዶላር ይሸጥ ነበር። ሥራውን ይመሩት የነበሩት ኃላፊ ለቀው ፕሮሲዲ የተባለ ተፎካካሪ ድርጅት አቋቋሙ፤ ድርጅቱም ቻይና ውስጥ ሠራተኞች ቀጥሮ የአሜሪካን የስልክ ማውጫዎች አንድ በአንድ አስተየበ። ሌሎችም ተከተሉ። የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ማንም ይጻፈው ማን ያው ቁጥር ነው፤ ገዢው አንዱን ሲዲ ከሌላው የሚያስበልጥበት ምክንያት አልነበረውም። ዋጋው ወደ ጥቂት መቶ ዶላር ወረደ፤ ከዚያም ከ20 ዶላር በታች ሆነ። ሲዲውን አባዝቶና አሽጎ ማቅረብ የሚጠይቀው ወጪ ጥቂት ዶላር እንደነበር ሲታሰብ፣ የበርትራንድ ቁልቁለት ከወረቀት ወጥቶ ሜዳ ላይ ታይቷል ማለት ነው። በመጨረሻ ሻጮቹ ከሁለት መብለጣቸውን አልደብቅም፤ ቁልቁለቱ የጀመረው ግን ሁለተኛው ሻጭ ያንኑ ዕቃ ይዞ ሲመጣ ነው።

ከዚሁ ታሪክ ጸሐፊው ያላነሡት፣ ለክርክራቸው ግን የሚጠቅማቸው ነገር ይወጣል። ቁጥሮቹን ሰብስቦ ማስገባት እጅግ ከባድ ወጪ ጠይቋል፤ ፕሮሲዲ ተከራክሮ በ1996 እ.ኤ.አ. ውሳኔ ባገኘበት አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ላይ ወጪው ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ ተመዝግቧል። ዋጋ ወደ ኅዳግ ወጪ ሲወርድ ያ መነሻ ወጪ የሚመለስበት መንገድ ይጠፋል። ስለዚህ ከባድ መነሻ ወጪ ባለበት ዘርፍ ሁለተኛው ሻጭ ይህን አስቀድሞ ካሰበ ከነጭራሹ አይገባም፤ ከገባም የተለየ ነገር ይዞ ለመግባት ይጥራል።

ዋጋ እስከ ወጪ የማይወርድበትን ሌላ ምክንያት ደግሞ የእኛ ሸማች ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ እርሱም የአቅርቦት እጥረት ነው። በ1897 እ.ኤ.አ. ኤጅዎርዝ የተባለው ምሁር ያነሣውን ይህን ነጥብ ወደ ሁለቱ ሱቆች ላምጣው። እያንዳንዳቸው በቀን 60 ኪሎ ብቻ ያገኛሉ እንበል። አንደኛው በ60 ብር ሲሸጥ 60 ገዢ አስተናግዶ «አልቋል» ይላል። ቀሪዎቹ 40 ገዢዎች የሚሄዱበት ሌላ ደጅ ስለሌላቸው ሁለተኛው ሱቅ 150 ብር ጠርቶ 3,600 ብር ያተርፋል። ይህን ሲያይ ግን አንደኛውም በ60 አይቆይም፤ ጎረቤቱ ከሰቀለ ደግሞ ከጎረቤቱ ዝቅ ብሎ መሸጥ ያዋጣል። ዋጋው ከፍና ዝቅ እያለ ዕረፍት ያጣል። ሲሚንቶ ወይም ስኳር ሲጠፋ ዋጋ የሚንረው ሁለት ነጋዴዎች ተደዋውለው ነው ብለን ከመደምደማችን በፊት መጋዘናቸው ውስጥ ስንት ኩንታል እንዳለ መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው። ሆን ብሎ መደበቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን እንደ እጥረት አልቆጥረውም።

ሦስተኛው ነጥብ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ከባዱ ስሕተት ያለው እዚያ ነው። እነዚያኑ ሁለት ሱቆች ወስደን አንድ ኪሎ ሜትር በሚረዝም መንገድ ሁለት ጫፎች ላይ እናስቀምጣቸው። ስኳሩም፣ የ60 ብር ወጪውም፣ መቶው ገዢም እንዳሉ ናቸው፤ ገዢዎቹ ግን በመንገዱ ላይ በእኩል ርቀት ተሰራጭተው ይኖራሉ። መንገዱን ከጫፍ ጫፍ መሄድ በባጃጅም በድካምም ተሰልቶ 40 ብር ያስወጣል፤ በየመቶ ሜትሩ 4 ብር ማለት ነው። አሁን ስኳሩ ያው ቢሆንም «እደጄ ያለው ስኳር» እና «ማዶ ያለው ስኳር» የተለያዩ ዕቃዎች ሆነዋል። ሆቴሊንግ የተባለው አሜሪካዊ በ1929 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ምሳሌ በመሠረቱ ይህ ነው።

ሁለቱም በ80 ብር እየሸጡ ነው እንበል፤ እያንዳንዱ 50 ገዢ አለው፤ 1,000 ብር ያተርፋል። ግድግዳ በሚጋሩት ሱቆች ላይ በዚህ ዋጋ መቀነስ ያዋጣ እንደነበር አይተናል። እዚህስ? አንዱ ወደ 81 ከፍ ቢል ከእርሱ የሚሸሹት መሐል መንገድ አካባቢ ያሉት ብቻ ናቸው። ገዢው አንድ ሜትር ወደ ወዲያኛው ሱቅ በቀረበ ቁጥር የወዲያኛው ጉዞ በ4 ሳንቲም ይቀንስለታል፣ የወዲህኛው በ4 ሳንቲም ይጨምርበታል፤ ስለዚህ የአንድ ብር ልዩነት የገዢዎቹን ድንበር የሚገፋው አሥራ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ነው። በዚያ ርቀት ውስጥ ያለው ገዢ በአማካይ አንድ ከሩብ ነው። ሃምሳ ሰው የነበረው ፍልሰት አንድ ከሩብ ሰው ሆነ! ዋጋውን የጨመረው ሱቅ 48.75 ገዢ ይዞ በእያንዳንዱ ላይ 21 ብር እያተረፈ 1,023.75 ያገኛል። ከቀድሞው ይበልጣል። ጎረቤቱን አላነጋገረም፣ አልተማከረም፤ ለብቻው አስልቶ ነው የጨመረው።

ሽቅብ ጉዞው የሚያቆመው 100 ብር ላይ ነው። በ100 ሁለቱም 2,000 ብር ያተርፋሉ፤ አንዱ ለብቻው ወደ 101 ቢወጣ ወይም ወደ 99 ቢወርድ በሁለቱም መንገድ የሚያገኘው 1,998.75 ነው፤ መንቀሳቀስ አያዋጣም። ከወጪው 60 በላይ ያለው 40 ብር ከመንገዱ ሙሉ የጉዞ ወጪ ጋር እኩል መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። መንገዱ አስፋልት ሆኖ የጉዞ ወጪው ከጫፍ ጫፍ 20 ብር ቢሆን፣ ዋጋው ወደ 80 ይወርዳል። የጉዞ ወጪው ዜሮ ቢሆን ሱቆቹ እንደገና ግድግዳ ተጋሩ ማለት ነው፤ ዋጋውም ወደ 60 ይመለሳል። በርትራንድና የዕቃ ልዩነት ተቃራኒ ንድፈ ሐሳቦች ሳይሆኑ የአንድ መንገድ ሁለት ጫፎች ናቸው።

ሌላም የሚለወጥ ነገር አለ። ግድግዳ በሚጋሩት ሱቆች አንዱ በ60 ቢሸጥ ሌላው በ61 አንድም ገዢ አያገኝም ነበር። በመንገዱ ላይ ግን ማዶ ያለው ሱቅ በወጪው በ60 ቢሸጥ እንኳ የወዲህኛው 80 ብር ጠርቶ ለደጁ ቅርብ ለሆኑ 25 ገዢዎች ሸጦ 500 ብር ያተርፋል። አንዱ ሲጨምር ሌላው የጭማሪውን ግማሽ ያህል ቢከተለው ይጠቅመዋል፤ ማዶኛው በ10 ብር ከጨመረ የወዲህኛው በ5 ብር ቢጨምር ያዋጣዋል። የሁለት ሻጮች ዋጋ ተከታትሎ መውጣቱ እንደ ሤራ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

ልዩነቱ ማሸጊያና ማስታወቂያ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ እቀበላለሁ። 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል በታወቀ ስም ሲሸጥም በመድኃኒቱ የወል ስም ሲሸጥም ሕመም የሚያስታግሰው ንጥረ ነገር ያው ነው፤ ሆኖም ለስሙ ብለው አስበልጠው የሚከፍሉ ብዙዎች ናቸው። ገዢው ልዩነት አለ ብሎ እስካመነ ድረስ ስሌቱ በእውነተኛ ርቀት ላይ እንደሚሠራው ሁሉ በምናብ ርቀትም ላይ ይሠራል። እዚህ ላይ የጸሐፊው ቅሬታ ፍትሐዊ ነው፤ መድኃኒቱም ገዢው የሚያውቀውን ማብዛት ነው። ይህ ግን ርቀቱን የማሳጠር ሥራ እንጂ ሤራ የማደን ሥራ አይደለም።

ታዲያ መመሳጠርን በምን እንለየው? በዚያው መንገድ ላይ ያሉት ሱቆች ተስማምተው ቢሠሩ ዋጋቸውን 130 ያደርጉ ነበር፤ መሐል መንገድ ያለው ገዢ 20 ብር ጉዞ ጨምሮ 150 የሚያወጣው በዚያ ዋጋ ነው፤ የእያንዳንዱም ትርፍ 3,500 ይሆናል። ነገር ግን በ130 ላይ ማንኛቸውም ለብቻቸው ወደ 115 ቢወርዱ 3,781 ብር ያገኛሉ። ለብቻው ሲያስብ ቅናሽ የሚያዋጣው ሻጭ ቀን በቀን ሳይቀንስ ከቀረ፣ ያኔ ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል። በ100 ላይ ግን እንዲህ ያለ የተተወ ጥቅም የለም። ሁለቱም ዋጋዎች ከ60 በላይ ናቸው፤ የጸሐፊው መለኪያ ሁለቱን አንድ አድርጎ ይኰንናል። በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 በተፎካካሪዎች መካከል የከለከለውም ዋጋ ለመወሰን የሚደረግ ስምምነትን ነው፤ ከወጪ በላይ መሸጥን በጠቅላላው አይደለም።

በመጨረሻ ቴሌኮም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ አገልግሎት ሲጀምር ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሁለት ሻጮች ያሉበት ገበያ ተፈጠረ። ዕቃቸው ግን ግድግዳ በሚጋሩት ሱቆች ውስጥ እንዳለው ስኳር አይደለም። የአንዱ ቁጥር በ09፣ የሌላው በ07 ይጀምራል፤ ለዓመታት በቢዝነስ ካርድና በሱቅ በር ላይ የተጻፈ ቁጥር መቀየር ለባለ ሱቁ ትልቅ ኪሳራ ነው። አንዱ ኔትወርክ የሚደርስበት ቦታ ሌላው ላይደርስ ይችላል። ቴሌብር ላይ የሚከፍሉለት ደንበኛ ሁሉ ኤምፔሳ አለው ማለትም አይደለም። ደግሞ ማማው አንዴ ከተተከለ በኋላ የአንዲት ተጨማሪ ጥሪ ወጪ ከምንም አይቆጠርም፤ ዋጋ እዚያ ድረስ ቢወርድ የማማውን ወጪ የሚከፍል አይኖርም። ስለዚህ የጥቅሎቹ ዋጋ ከኅዳግ ወጪ በላይ መሆኑ ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ነጻ ማውጫም አይሆንም። የሚጠቅመው መረጃ ሌላ ነው፤ አንዱ ድርጅት የአንድ ጥቅል ዋጋ በ10 ብር ሲጨምር ሁለት ሲም ካርድ ከያዙት ደንበኞች ስንቱ በዚያው ሳምንት ዳታውን ከሌላው መግዛት ይጀምራል? ሁለት ሲም በሚይዝ ስልክ ላይ ይህ ሽግግር ቁጥር መቀየርን አይጠይቅም፤ ስለዚህ በዳታ ጥቅል ላይ መንገዱ አጭር፣ በጥሪ ቁጥር ላይ ረጅም ሊሆን ይችላል። ጸሐፊው ቀጣዩን ጽሑፋቸውን ከእነዚህ ተሻጋሪዎች ብዛት ቢጀምሩት ክርክራችን የት ላይ እንደሚፈታ ሁለታችንም እናውቃለን።